መቶ ደቂቃ ኤክሴል፦ ሰዉ የቱ ጋ ይዘላል፣ የቱ ጋ ጥሎ ይሄዳል?

ሰኞ

1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚፈጅ የኤክሴል ትምህርት አለኝ። አንድ ቪዲዮ ነው፤ ኤክሴልን ከፍቶ ከማያውቅ ሰው ጀምሮ እስከ ፒቮት ቴብል ድረስ ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ ከጫንኩት ቆይቷል፣ ሰው አሁንም ያየዋል። እንደ አዲስ ልቀርጸው ወስኛለሁ። ያልወሰንኩት ምኑን እንደምቆርጥ፣ ምኑን እንደማዛውርና ምኑን ለብቻው እንደማወጣ ነው። በስሜት መወሰን አልፈልግም፤ ምክንያቱም ስሜቴ የሚለኝ የለፋሁበትን ክፍል እንዳልነካ ነው፣ የለፋሁበት ክፍል ደግሞ ሰው የሚፈልገው ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉ ራሱ ቪዲዮውን እንዴት እየቆራረጠ እንደሚያየው ላይ አተኩራለሁ። ለዚህ ምዕራፎች ያስፈልጋሉ። ምዕራፍ በሌለው ረጅም ቪዲዮ ውስጥ ሰው በጭፍን ነው የሚዘለው። አሥር አሥር ሰከንድ እየነካ ይሄዳል፣ ወይም መስመሩን በጣቱ ይጎትትና የደረሰበት ይደርሳል። ግራፉም ጥርስ ጥርስ ሆኖ ይቀርና ምንም አይነግርህም። ምዕራፍ ሲኖር ግን ዝላዩ ድንበር ላይ ያርፋል፤ ያኔ ሰው ምንን ትቶ ወደ ምን እንደሄደ መገመት ይቻላል።

መግለጫው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይህን ይመስላል። ለማንበብ እንዲቀል ሰከንዶቹን ትቻቸዋለሁ።

```
0:00 መግቢያ
4:00 ኤክሴልን መጫን
11:00 የመስኮቱ ክፍሎች
22:00 መረጃ ማስገባትና ማሳመር
36:00 SUM፣ AVERAGE እና ሌሎች ቀላል ፎርሙላዎች
47:00 ስለ ሴል አድራሻ ተጨማሪ
55:00 IF
1:05:00 VLOOKUP
1:19:00 ፒቮት ቴብል
1:32:00 ቻርትና ማተም
```

ለማያውቅ ሰው፦ ዝርዝሩ ከ0:00 መጀመር አለበት፣ ምዕራፍ የሚጀምርበትን ጊዜ የሚያሳዩ ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል መኖር አለባቸው፣ እያንዳንዱ ምዕራፍም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ምዕራፎቹ መስመሩ ላይ አይወጡም።

ማክሰኞ

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮውን ከፍተህ አናሊቲክስ ስትገባ Audience retention የሚል ግራፍ አለ። በየቅጽበቱ ከመቶ ስንት ሰው እያየ እንደነበር ያሳያል። መስመሩ በረጅም ቪዲዮ ላይ ሁሌም ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ እሱ አያስደነግጥም። የሚታየው ከዚያ ከተለመደው ቁልቁለት ወጣ ያለው ነገር ነው።

ብዙ ሰው መስመሩ ገባ ያለበትን ቦታ ሲያይ «እዚህ ጋ አሰልችቻለሁ፣ ይቆረጥ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መስመር የሚወርደው በሁለት ፍጹም የተለያዩ ምክንያቶች ነው። አንዱ ሰው ያንን ክፍል ዘሎ ወደፊት ሲሄድ ነው። ሌላው ቪዲዮውን ጥሎ ሲወጣ ነው። የዘለለው አሁንም ተመልካችህ ነው፣ የሚፈልገውን ያውቃል ማለት ነው። የወጣው ግን ወጥቷል። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ሁለቱን የሚለየው የወረደው ቦታ ራሱ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። መስመሩ ወርዶ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ሲጀምር ተመልሶ ከወጣ፣ ዝላይ ነው። ወርዶ እዚያው ከቀረ፣ ጥለው ሄደዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሦስት ቁጥር ብቻ እይዛለሁ፦ ከምዕራፉ በፊት ያለው ደቂቃ፣ የምዕራፉ መሀል፣ እና የቀጣዩ ምዕራፍ የመጀመሪያ ሙሉ ደቂቃ። በፊት፣ ውስጥ፣ በኋላ። ውስጡ ከሁለቱም ከበለጠ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ የሚመጣበት ምዕራፍ ነው።

ግራፉን በዓይን እያዩ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን ቁጥሩን ራሱን ፈለግሁና በዩቲዩብ አናሊቲክስ ኤፒአይ አወጣሁት። ኮድ መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ከኤፒአዩ የሰነድ ገጽ ላይ ራሱ ማስኬድ ይቻላል። የሚሞላው ይህ ነው፣ ቀኖቹን እና የቪዲዮውን መለያ የራስህን ታደርጋለህ፦

```
ids=channel==MINE
startDate=YYYY-MM-DD
endDate=YYYY-MM-DD
dimensions=elapsedVideoTimeRatio
metrics=audienceWatchRatio,startedWatching,stoppedWatching
filters=video==VIDEO_ID
```

ቪዲዮውን መቶ ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ይመልሳል። የእኔ መቶ ደቂቃ ስለሆነ አንድ ረድፍ ማለት አንድ ደቂቃ ነው፤ 0.72 ያለው ረድፍ ከ71:00 እስከ 72:00 ያለውን ይይዛል። የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ቢሆን አንዱ ረድፍ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። ያኔ የአንድ ደቂቃ ምዕራፍ ካለህ ግራፉ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ድንበር ያረፈበትን ረድፍም የማልቆጥረው ለዚህ ነው፣ የሁለት ምዕራፍ ድብልቅ ነው።

audienceWatchRatio ያው ግራፉ የሚያሳየው ነው፤ ወርቁ ያለው በሌሎቹ ሁለት ዓምዶች ነው። startedWatching ሰው ቪዲዮውን ማየት የጀመረው ከዚህ ቦታ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጥራል። stoppedWatching ደግሞ ያቆመው እዚህ ስንት ጊዜ እንደሆነ። ማለትም መስመሩ ሲወርድ ሰዉ ወጥቶ ነው ወይስ ዘሎ የሚለውን ከመገመት ማረጋገጥ ይቻላል።

ረቡዕ ማታ

ምዕራፍ በምዕራፍ ሄድኩበት። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፣ የሚያወሩትን ብቻ።

*ኤክሴልን መጫን።* በፊት 68፣ ውስጥ 35፣ በኋላ 58። የተጣራ ዝላይ። ኤክሴል ያለው ሰው ዘለለው፣ አለቀ። ግን 35 ዜሮ አይደለም፤ ቀላል የማይባል ሰው ቁጭ ብሎ አይቶታል። ስለዚህ «ማንም አይፈልገውም» ማለት አይቻልም፤ ሁለት ዓይነት ሰው አለ ማለት ነው። የዘለሉትም ምንም አልተጎዱም፣ ምክንያቱም ከዚህ ምዕራፍ ውስጥ በኋላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

*የመስኮቱ ክፍሎች።* በ58 ገብቶ በ44 ይወጣል፣ ቀጣዩም በ43 ይጀምራል። ምንም መመለስ የለም። stoppedWatching ከመግቢያው ቀጥሎ ከፍ ያለው እዚህ ነው። አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁልፍ በቁልፍ እያሳየሁ «ይሄ ይሄን ያደርጋል፣ ይሄ ደግሞ…» እላለሁ፣ ተማሪው ግን እስካሁን አንድ ሴል ውስጥ አንድ ቁጥር አልጻፈም። ዋናው ቀዳዳ ይሄ ነው። በዓይን ሳየው ግን ከመጫኑ ምዕራፍ ይልቅ ሰላማዊ ይመስል ነበር፤ ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ አያስደነግጥም። የጎደጎደው ዓይን ይስባል፣ የሚያፈሰው ግን ዝም ብሎ ያፈሳል።

*ስለ ሴል አድራሻ ተጨማሪ።* በፊት 36፣ ውስጥ 24፣ በኋላ 34። ዝላይ ነው። ግን መሀሉ ላይ አንድ የማይገባ ነገር አለ። ምዕራፉ በሙሉ 24፣ 23፣ 24 እያለ ይሄዳል፣ ከዚያ 51ኛው ደቂቃ አካባቢ 32 ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ 24። ሰው የዘለለው ምዕራፍ መሀል ላይ ጉብታ። ያንን ደቂቃ ከፍቼ አየሁት፤ ስለ $ ምልክት የማስረዳበት ቦታ ነው።

*VLOOKUP።* በ31 ካለቀው IF ቀጥሎ በ39 ይጀምራል። ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። startedWatching የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ሰው ቪዲዮውን ከዚህ ነው የሚጀምረው። ለስድስት ደቂቃ ያህል ንቅንቅ አይልም፣ 38 ላይ ይቆያል። ከዚያ 71:00ን እንዳለፈ 27 ይወርዳል፣ አይመለስም። ግን stoppedWatching እዚያ ላይ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ ያለው፣ አስራ አንድ ነጥብ ለመውረድ አይበቃም። ስለዚህ ከፊሉ ወጥቷል፣ ከፊሉ ግን ወደ ሆነ ቦታ ዘሏል። ወዴት?

ግራፉ ይህን አይናገርም። ማን ከየት ተነስቶ የት እንደሄደ መንገዱን አያሳይም፣ በየቦታው ያለውን ድምር ብቻ ነው የሚሰጠው። 51 ላይ ያለው ጉብታና 71 ላይ ያለው ገደል አንድ ታሪክ ይመስሉኛል፣ ግን መምሰል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ። ይህን የሚያህል ቪዲዮ ሰው በአንድ ቁጭታ አይጨርስም። ዛሬ ግማሹን አይቶ ነገ ይመለሳል፣ ዩቲዩብም ካቆመበት ያስጀምረዋል። ይህ ሰው በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ሃምሳ ደቂቃ «የዘለለ» ሆኖ ይቆጠራል፣ ግን አልዘለለም፣ ትናንት አይቶታል። መለያው startedWatching ነው፦ ካቆሙበት የሚቀጥሉ ሰዎች በየቦታው ተበትነው ይታያሉ፣ በሊንክ ወይም ከፍለጋ ቀጥታ የመጡት ግን ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ይከመራሉ። እኔ ጋ ክምሩ VLOOKUP እና ፒቮት ቴብል ላይ ነው። ሌላው ሁሉ የተበተነ ነው።

ዓርብ

የአክስቴን ልጅ ጠራሁት። ሥራ ቦታው የዕቃ ኮድ ከዋጋ ጋር ማገናኘት አለበት፣ VLOOKUP የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቷል፣ ከዚያ ውጪ አያውቅም። «ቪዲዮውን ክፈትና የምትፈልገውን ሥራ፣ እኔ እንደሌለሁ ቁጠረኝ» አልኩት። ምላሴን ነክሼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

መግቢያውን አሥር ሰከንድ አላየም። የምዕራፍ ዝርዝሩን ከፈተ፣ ወደ ታች ገፋ፣ VLOOKUPን ነካ። እስከዚህ ድረስ ልክ ግራፉ እንዳለው። ከእኔ ጋር እየጻፈ ሄደ። ፎርሙላውን እንዲህ ጻፈ፦

```
=VLOOKUP(A2,F2:G30,2,FALSE)
```

የመጀመሪያው ረድፍ ልክ መጣ። ፊቱ በራ። ፎርሙላውን ይዞ ወደ ታች ጎተተው፤ ሁለተኛው ልክ፣ ሦስተኛው #N/A፣ አራተኛው ልክ፣ ከዚያ እንደገና #N/A። ይህ ነው ክፋቱ። ሁሉም ቢበላሽ ፎርሙላውን ይጠረጥራል። እዚህ ግን አንዱ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም፣ ስለዚህ የጠረጠረው ዕቃዎቹን ነው። ኮዱን በስህተት የጻፈው መስሎት አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመረ።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ፎርሙላው በአንድ ረድፍ ሲወርድ ሠንጠረዡም አብሮት ይወርዳል፦ F2:G30 የነበረው F3:G31 ይሆናል፣ ከዚያ F4:G32። የዋጋ ዝርዝሩ አናት ላይ ያሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ ከእይታ ይወጣሉ። የሚፈለገው ኮድ ከወጡት አንዱ ከሆነ #N/A፣ ካልሆነ ደህና ነው። ቪዲዮው ውስጥ እኔ ኪቦርዱ ላይ F4 ቁልፍን ተጭኜ $F$2:$G$30 አድርጌዋለሁ፣ አፌ ግን «እንደተለመደው እንቆልፈውና» ብቻ ብሎ አልፎታል። ለተለመደበት ሰው።

አሥር ሰከንድ ወደኋላ መለሰ። ደግሞ መለሰ። ከዚያ ቪዲዮውን አቁሞ ስክሪኑን በጣቱ ነካ።

«ይሄ የዶላር ምልክት ከየት መጣ?»

ዝም አልኩ። ዝርዝሩን እንደገና ከፈተ። «ስለ ሴል አድራሻ ተጨማሪ» የሚለውን አነበበው፣ ዓይኑ ላይ ምንም አልታየም፣ አልፎት ቀላል ፎርሙላዎች የሚለውን ነካ። እዚያ በመስመሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እየጎተተ ቢጫ የሆነ ነገር፣ ምልክት የሆነ ነገር ፈለገ። አጣ። ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ መጎተት ጀመረና 51ኛው ደቂቃ ላይ በትንሿ ሥዕል ውስጥ $ አይቶ ቆመ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አየና «አሃ» ብሎ ወደ VLOOKUP ተመለሰ።

እሱ ታጋሽ ነው፣ ደግሞም እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ይጎትታል ብዬ አላምንም። ጉብታው የነዚህ ነው፣ ገደሉ ደግሞ ያልታገሡት ሰዎች ነው። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ግን ግራፉ የደበቀውን መንገድ አሳይቶኛል፣ አሁን የምፈትነው ነገር አለኝ።

ቅዳሜ

ካሜራ ከመንካቴ በፊት በነፃ የሚሞከር ነገር አለ፤ ስም። የምዕራፍ ስም መግለጫው ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፣ በደቂቃ ይቀየራል፣ ቪዲዮው አይነካም። ስም ቀይሬ ሰው ምዕራፉን ካየው፣ ይዘቱ ደህና ነበር፣ የጎደለው ምልክት ነበር ማለት ነው። ስም ቀይሬ ምንም ካልመጣ፣ ችግሩ ይዘቱ ወይም ቦታው ነው።

ሁለት ስም ቀየርኩ። ሁለቱ ምዕራፎች ስለሚራራቁ አንዱ የሌላውን ውጤት ብዙ አያደበላልቅም።

«ስለ ሴል አድራሻ ተጨማሪ» የነበረውን «ፎርሙላ ወደ ታች ሲጎተት ለምን ይሳሳታል ($)» አልኩት። «ተጨማሪ» የሚል ቃል ያለበት ምዕራፍ ዝለለኝ ብሎ እንደሚለምን አሁን ገባኝ።

«የመስኮቱ ክፍሎች» የነበረውን ደግሞ «ከመጀመርህ በፊት የምታውቃቸው ቁልፎች» አልኩት። በዚህኛው ብዙ ተስፋ የለኝም።

አሁን መጠበቅ ነው። ለማወዳደር ከለውጡ በፊትና በኋላ እኩል ርዝመት ያለው ጊዜ እወስዳለሁ። ተመልካቹ የመጣበት መንገድም መመሳሰል አለበት። ሌላ ጊዜ በአብዛኛው ከፍለጋ የሚመጣ ሰው በዚህ ሰሞን ሌላ ቦታ በተለጠፈ ሊንክ ከመጣ የምለካው ስሙን ሳይሆን ሰዉን ይሆናል። ዕይታው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይወላውላል፤ ሁለት መቶ ዕይታ ላይ አንድ ነጥብ ማለት ሁለት ሰው ነው፣ በሁለት ሰው ደግሞ ቪዲዮ አይፈርስም።

ከሳምንታት በኋላ

የዕይታው ምንጭ ብዙም አልተቀየረም፣ ስለዚህ ማወዳደር ይቻላል።

የ$ ምዕራፍ ውስጡ ከ24 ወደ 31 ወጥቷል። 51 ላይ የነበረው ጉብታ ከሞላ ጎደል ተስተካክሏል፤ ሰው አሁን እየፈለገ አይደለም የሚገባው፣ ከመጀመሪያው ያየዋል።

የመስኮቱ ክፍሎች ግን ንቅንቅ አላለም። በ57 ገብቶ በ44 ይወጣል። ስሙን ብታሳምረው ባታሳምረው አስራ አንድ ደቂቃ አስራ አንድ ደቂቃ ነው።

ትልቁን ነገር የነገረኝ ግን የ71ኛው ደቂቃ ገደል ነው። 27 የነበረው 29 ሆነ፣ በቃ። ስሙ የረዳው ቪዲዮውን ከላይ ጀምሮ የሚያየውን ሰው ነው። VLOOKUP ላይ በቀጥታ የሚያርፈው ሰው የሌላ ምዕራፍ ስም ምን ያደርግለታል? $ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ እንዴት ይፈልገዋል? ስለዚህ ለነዚህ ሰዎች ስም መቀየር አይበቃም፤ ማብራሪያው ራሱ ተነስቶ እነሱ ያሉበት ቦታ መሄድ አለበት።

እሑድ፣ ውሳኔ

መጀመሪያ፣ አሮጌውን ቪዲዮ አልነካም። ስቱዲዮ ውስጥ መሀሉን መቁረጥ ይቻላል፣ የመጫኑን ምዕራፍ ልቁረጠው ብዬ አስቤም ነበር። ግን ሰባት ደቂቃ ሲወጣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሰባት ደቂቃ ይንሸራተታል። ምዕራፎቹን መግለጫው ውስጥ ማስተካከል ቀላል ነው፣ ሰው «1:05:00 ላይ ተመልከት» ብሎ ለጓደኛው የላከውን ሊንክ ግን ማስተካከል አልችልም። ደግሞም አዲስ ምስል መጨመር አይቻልም፣ መቀነስ ብቻ ነው፤ የእኔ ችግር ደግሞ የሚቀነሰው ሳይሆን የሚዛወረው ነው።

መጫን ለብቻው አጭር ቪዲዮ ይሆናል። ሰው በደህና የዘለለውና ሌላ ነገር ያልተንጠለጠለበት ክፍል ለብቻው ቢወጣ ማንም አይጎዳም፣ የሚፈልገውም በስሙ ያገኘዋል።

የመስኮቱ ክፍሎች ይበተናል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ላይ በሚውልበት ደቂቃ ይተዋወቃል። ሴል ማዋሃድ የሚባለው ቁልፍ ርዕስ ስንጽፍ ይመጣል፣ የቁጥር ቅርጽ ደግሞ ዋጋ ስናስገባ። ከላይ የሚቀረው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሴል፣ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ፎርሙላ የሚጻፍበት መስመር። ትምህርቱ ቶሎ እጅ ያሠራል።

$ ሁለት ቦታ ይገባል። ቀላል ፎርሙላዎች ውስጥ አንዴ፣ VLOOKUP ውስጥ ደግሞ እንደገና። መድገም ነው፣ አዎ። ከላይ ጀምሮ የሚያይ ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል የሚያውቀውን ይሰማል፣ በቀጥታ የመጣው ግን አይወድቅም። VLOOKUP ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ሳልቆልፍ እጎትተዋለሁ፣ #N/A ይምጣ፣ ሴሉን ከፍቼ F4:G32 የሚለውን ላሳይ፣ ከዚያ ልቆልፈው። ተማሪው የሚያየው ስህተት ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ሲሆን አይሸሽም።

VLOOKUP እና ፒቮት ቴብል ለየብቻቸው ይወጣሉ፤ startedWatching የተከመረባቸው እነሱ ናቸው፣ ሰው ከድሮም እንደ ራሳቸው ቪዲዮ ነው የሚያያቸው። IF ግን አይወጣም። ማንም ከሱ አይጀምርም፣ ከፊቱ ካለው ጋር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚታየው። ቻርት ከፒቮት ጋር ይሄዳል። ማተም ሦስት ደቂቃ ነው፣ የሆነ ቦታ ይገባል።

አንድ የቀረኝ፣ ስለ ፋይሉ። የመቶ ደቂቃው ትምህርት አንድ ፋይል ይዞ ነው የሚሄደው፤ በ22ኛው ደቂቃ የገባው መረጃ በ79ኛው ፒቮት ይሠራበታል። ዘሎ የመጣ ሰው ያ መረጃ የለውም። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከሚጀምርበት ሁኔታ ላይ የተቀመጠ ፋይል ይኖረዋል፣ ስሙም የምዕራፉ ስም ነው፤ ፒቮት ላይ የሚያርፍ ሰው የፒቮትን ፋይል አውርዶ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ የራሱ መረጃ ስለነበረው ይህ አልገጠመውም። ግን ፒቮት መጀመሪያ ላይ stoppedWatching ለምን ከፍ እንዳለ አሁን ጥሩ ግምት አለኝ።

አዲሱ ከወጣ በኋላ

አሮጌው VLOOKUP ምዕራፍ ላይ ወደ አዲሱ የሚወስድ ካርድ አድርጌያለሁ፣ መግለጫውም አናት ላይ ሊንኩ አለ።

አዲሱ VLOOKUP 18 ደቂቃ ነው። አንድ ጥሩ ነገር፦ አሁንም መቶ ነጥብ ስለሚሰጥ አንዱ ነጥብ 11 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ድሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተደበቀው ሁሉ አሁን ይታያል። አንዱ ነጥብ ደቂቃ በሆነበት ረጅም ቪዲዮ ላይ ስትደክም ከቆየህ ይህ ብቻውን ደስ ይላል።

#N/A የሚመጣበት ቦታ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ገደሉ የለም። ከሱ ቀጥሎ ግን ስለታም ጫፍ ወጣ፣ F4 የምጫንበት ሃያ ሰከንድ ላይ፤ ሰው ደጋግሞ ያየዋል። ጫፍ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። ወይ ወደውታል ወይ አልገባቸውም፣ መስመሩ ሁለቱን አይለይም። ከፍቼ አየሁት፤ ማብራሪያው ግልጽ ነው፣ $ ምልክቶቹም ይታያሉ።

ከዚያ ላፕቶፔን ወስጄ ሞከርኩት። F4 ስጫን ቆልፍ አላለም። ብዙ ላፕቶፕ ላይ የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ድምፅና ብርሃን ለመቀነስ የተያዙ ናቸው፣ Fn አብሮ መጫን ያስፈልጋል፤ ማክ ላይ ደግሞ Cmd+T ይሠራል። እኔ የቀረጽኩት በተለየ ኪቦርድ ነው።

ቪዲዮው ላይ ጽሑፍ መጨመር አልችልም። የምዕራፉን ስም «$ መቆለፍ፦ F4 ወይም Fn+F4» ብዬዋለሁ፣ ማኩን አስተያየቶቹ አናት ላይ ሰክቼዋለሁ። ጫፉ ከወረደ ጥያቄው እሱ ነበር። ካልወረደ ያቺን ሃያ ሰከንድ እንደገና ማየት አለብኝ፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ከጎኔ አስቀምጬ።